ኢናላፕሪል እየወሰድኩ አረገዝኩ፤ ላቁም ወይስ ልቀጥል?

*ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 31 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ጅማ ነው። ደም ግፊት አለብሽ ከተባልኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ኢናላፕሪል 10 ሚሊግራም በቀን አንዴ እወስዳለሁ። አሁን የ9 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ፋርማሲ ስጠይቅ ለእርጉዝ አይሆንም አሉኝ። አማቴ ደግሞ መድኃኒት የሚባል ነገር በሙሉ ተዪ ይሉኛል። ታላቅ እህቴ በስምንተኛ ወሯ አንቀጥቅጧት ለትንሽ ነው የተረፈችው። ትናንት ስለካ 142/90 ነበርኩ። ላቁም ወይስ ልቀጥል? ምን ሲሰማኝ ነው መፍራት ያለብኝ?*

እህቴ፣ አታቁሚም፣ አትቀጥይምም። ትቀይሪያለሽ። ቀጠሮሽ እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ካርድ አውጥተሽ ግቢ።

ፋርማሲ ያሉሽ ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገሩሽ። ኢናላፕሪል ለአንቺ ጥሩ መድኃኒት ነው። የሚጣላው ከልጁ ኩላሊት ጋር ነው። ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ ልጁ የሚንሳፈፍበት የሽርት ውሃ በአብዛኛው የራሱ ሽንት ነው። መድኃኒቱ የልጁን ኩላሊት ሲያዳክመው ሽንቱ ይቀንሳል፣ ውሃው ይጎድላል። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ሳንባው በወጉ አያድግም፣ እጅና እግሩም መንቀሳቀሻ ያጣል። ስለዚህ ይህ መድኃኒት ከእርግዝና ጋር አይሄድም። ዘመዶቹም እንዲሁ ናቸው። ስማቸው «ፕሪል» ብሎ የሚያልቅ ሁሉ፣ ማለትም ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና ካፕቶፕሪል፣ አይሆኑም። «ሳርታን» ብለው የሚያልቁት እነ ሎሳርታንና ቫልሳርታንም አይሆኑም። ይህቺን ያዢያት። የሌላ ሰው መድኃኒት ሲሰጡሽም፣ ግራ የተጋባ ባለሙያ ሲጽፍልሽም ትጠቅምሻለች።

እስካሁን የወሰድሽውስ? አትደንግጪ። ጉዳቱ በግልጽ የታወቀው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሦስት ወር በሚወሰደው ነው። አንቺ ገና 9 ሳምንት ላይ ነሽ። በዚህ ምክንያት ጽንሱን አቋርጪ የሚልሽ ካለ አትስሚው። ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ የልጁን አካል በዝርዝር የሚያይ አልትራሳውንድ ትነሺያለሽ፤ ያ ይበቃል።

የአማትሽንም ነገር ላንሳው። እርጉዝ መድኃኒት ማብዛት የለባትም ማለታቸው ክፋት የለውም። ግን ግፊቱን ዝም ብሎ መተው ራሱ አደጋ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ከእርግዝና በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ግፊት የነበረባቸውን 2,408 ነፍሰ ጡሮች ለሁለት ከፈላቸው። ግማሾቹ ግፊታቸው ከ140/90 በታች እንዲሆን መድኃኒት ተሰጣቸው። የቀሩት ግፊታቸው 160 እስኪደርስ ድረስ ሳይታከሙ ተጠበቁ። ቀድመው የታከሙት ላይ የከፋ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና ከግፊት ጋር የሚመጣና ሲብስ የሚያንቀጠቅጠው በሽታ፣ እንዲሁም ያለጊዜው መውለድ ቀነሰ። ልጆቹም በመድኃኒቱ ምክንያት አልቀጨጩም። ያንቺ 142/90 እንግዲህ «ትንሽ ነው፣ ይታለፍ» የሚባል ቁጥር አይደለም።

ምን ትወስጂያለሽ?

እኛ ጋ በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው፤ ሜቲልዶፓና ኒፌዲፒን። ላቤታሎል የሚባል ሦስተኛም አለ። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አስም ላለባት ግን አይሰጥም።

ሜቲልዶፓ ለነፍሰ ጡር ሲሰጥ አሥርት ዓመታት አልፈውታል። አብዛኛውን ጊዜ በ250 ሚሊግራም ክኒን፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተጀምሮ እንደ ግፊቱ ይጨመራል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሻል፣ አፍሽ ይደርቃል። ያ ያልፋል። አሁን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ልንገርሽ። በእርግዝና ክትትል የሚሰጥሽ የአይረን ክኒን ሜቲልዶፓን አንጀት ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ መጠን ጨምሬላት ግፊቷ አልወርድ አለኝ። ቁጭ ብለን ስናወራ ለካ ሁሉንም ክኒን «እንዳልረሳ» ብላ ማታ ማታ ከአይረኑ ጋር አንድ ላይ ነው የምትውጠው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንዴት እንደምትወስደው አልጠየቅኳትም። ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው።

ኒፌዲፒን ስትወስጂ ቀስ ብሎ የሚሠራው ዓይነት መሆኑን አረጋግጪ። አይታኘክም፣ አይሰበርም፣ ምላስ ሥርም አይቀመጥም። ምላስ ሥር ሲደረግ ግፊቱን ድንገት ይጥለዋል፤ ያን ጊዜ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ይህ መድኃኒት ራሱ ራስ ምታትና የቁርጭምጭሚት እብጠት ያመጣል። ይህ ደግሞ ኋላ ከምነግርሽ የአደጋ ምልክት ጋር ይምታታል። ስለዚህ ራስሽን ሲያምሽ ከመገመት ተለኪ።

አምሎዲፒን የምትወስድ ነፍሰ ጡር ካጋጠመችሽ አታስደንግጫት፤ ብዙ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። አቴኖሎል ግን የልጁን ዕድገት ስለሚያዘገይ ይቀየራል። ለሕመም ፓራሲታሞል ውሰጂ፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይቅሩብሽ።

ግፊቱ ከ140/90 በታች እንዲሆን እንፈልጋለን። ግን 100/60 ድረስ ማውረድም አያስፈልግም፤ ልጁ የሚመገበው በዚሁ ግፊት እየተገፋ በሚመጣው ደም ነው።

አስፕሪን፣ ግን በሰዓቱ

12 ሳምንት ሲሞላሽ ሐኪምሽን አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ጠይቂው። ፋርማሲዎቻችን ያለው አብዛኛውን ጊዜ 81 ሚሊግራሙ ነው። ግፊት አለብሽ፣ እህትሽም አንቀጥቅጧት ነበር። ሁለቱም አንቺን ለፕሪኤክላምፕሲያ ከሚጋለጡት መካከል ያስመድቡሻል። በሽታው የሚታየው ዘግይቶ ቢሆንም ሥሩ የሚተከለው እንግዴ ልጁ ደም ሥሮቹን ከማህፀን ጋር ሲያያይዝ ነው። ያም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ስለዚህ አስፕሪኑ ከ16ኛው ሳምንት በፊት ሲጀመር ነው ጥሩ የሚሠራው። በሰባተኛ ወር ተደናግጦ መጀመር ብዙም ፋይዳ የለውም። ምግባችን ካልሲየም ስለሚያንሰው የካልሲየም ክኒንም ሊታዘዝልሽ ይችላል። እሱንም ከአይረኑ አራርቂው።

አሁኑኑ መመርመር ያለብሽ ለምንድን ነው?

ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ነገ ስትሄጂ የሽንት ፕሮቲን፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የፕላትሌቶች ቁጥር እንዲሠራልሽ ጠይቂ። ዛሬ ምንም ላይታይ ይችላል። ዋጋው የሚታወቀው ኋላ ነው። ግፊት ያልነበረባት ሴት ከ20 ሳምንት በኋላ ግፊቷ ከፍ ቢል አዲስ ነገር እንደመጣ በቀላሉ እናውቃለን። አንቺ ግን ድሮም ግፊት አለብሽ። በ30ኛው ሳምንት 150/100 ብትሆኚ፣ ሽንትሽ ላይም ፕሮቲን ቢገኝ፣ የድሮው ነው ወይስ ፕሪኤክላምፕሲያ ተደርቦበት ነው? የዛሬው ወረቀት ካለ መልሱ እዚያው ነው። ከሌለ እንገምታለን። ወረቀቱን ፎቶ አንሺና ስልክሽ ላይ አስቀምጪው፤ ካርድ ይጠፋል።

ሌላ ወጥመድ አለ። በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የብዙ ነፍሰ ጡሮች ግፊት በተፈጥሮው ዝቅ ይላል። 142 የነበርሽው 118 ልትሆኚ ትችያለሽ። ያኔ «ተሻለኝ» ብለው መድኃኒቱን የሚያቆሙ፣ ክትትልም የሚያቋርጡ አሉ። ወደ መጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። ዝቅ ያለበት ጊዜ መጠን ይቀነስ ይሆናል። የሚቀንሰው ግን ሐኪሙ ነው።

«ጨጓራዬ ነው»

ምን ሲሰማኝ ልፍራ ላልሽው የአንዲት እናት ነገር ልንገርሽ። ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነበር። ከአጋሮ በኩል፣ ከገጠር ነው የመጣችው። ሁለተኛ እርግዝናዋ ነው፣ 33 ሳምንት ሆኗታል። ከሦስት ቀን በፊት ከእንብርቷ በላይ፣ ወደ ቀኝ ጎድኗ ሥር ያማት ጀመር። አስመለሳት። አንድ ክሊኒክ ሄደች። ጨጓራ ነው ተባለች፤ ኦሜፕራዞልና የሚጠጣ ነጭ መድኃኒት ተሰጣት። ክንዷ ላይ ግፊት መለኪያ ያሰረ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ራሷን ያማት ጀመር፤ ወባ ይሆናል ተባለ፣ ደሟ ታየ፣ ወባ የለም። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ዓይኗ ፊት ብልጭ ብልጭ አለባት። ባሏ ባጃጅ ለምኖ ወደ አስፋልቱ አወጣት፤ ከዚያ በሚኒባስ ደረሰች።

ስንለካት 170/115 ነበር። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ደገምነው፤ ያው ነው። ሽንቷ ላይ ፕሮቲኑ ሦስት ፕላስ። ፕላትሌቷ 78,000፤ ከ100,000 በታች ሲሆን የከፋ በሽታ ነው ማለት ነው። የጉበት ምርመራዋም ከወትሮው በብዙ እጥፍ ጨምሯል። ሕመሙ የጨጓራ አልነበረም። ጉበቷ አብጦ ሽፋኑን ሲወጥረው ነው እዚያ ቦታ ላይ የሚያመው። ለዚህ ኦሜፕራዞል ምን ያደርጋል?

ያደረግንላትን ልንገርሽ፤ እህትሽም ያለፈችበት ይህንኑ የመሰለ ይሆናል። መጀመሪያ ማግኒዥየም ሰልፌት። 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ ወዲያው ደግሞ በሁለቱም መቀመጫ 5፣ 5 ግራም ይወጋል። ሲገባ ገላ ላይ ትኩሳት ይለቃል፤ የመቀመጫው መርፌ ያማል፣ አልዋሽሽም። ይህ መድኃኒት ዋና ሥራው ግፊት ማውረድ አይደለም። ማንቀጥቀጡ እንዳይመጣ ነው የሚከላከለው። ስለዚህ ለግፊቱ ለብቻው ሃይድራላዚን በደም ሥር 5 ሚሊግራም ሰጠናት፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ደገምነው። ወደ 150/100 ወረደ፣ እዚያ ላይ አቆምን። ማግኒዥየሙ ሲበዛ አተነፋፈስን ስለሚያዳክም ነርሷ በየጊዜው ጉልበቷን በመዶሻ እየመታች፣ ትንፋሿን እየቆጠረች፣ ሽንቷን እየለካች ነው ያደረችው። ለልጁ ሳንባ ዴክሳሜታዞን ጀመርን። ግን ጉበትና ፕላትሌት እንዲህ ከሆኑ በኋላ ልጁ እንዲደርስ ተብሎ ሳምንት አይጠበቅም። የበሽታው ምንጭ እንግዴ ልጁ ነው። መፍትሔው መውለድ ነው። 1,600 ግራም የሆነች ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ ሳምንታት ቆየች፣ ሁለቱም ወደ ቤታቸው ገቡ። ስሟን ማን እንዳሉዋት ነግረውኝ ነበር፤ እዚህ አልጽፈውም።

እንግዲህ ከ20 ሳምንት በኋላ ከእንብርትሽ በላይ ወይም ከቀኝ ጎድንሽ ሥር ካመመሽ፣ መጀመሪያ ግፊትሽን አስለኪ። ጨጓራ ሊሆን ይችላል። ግን ግፊት ሳይለካ ጨጓራ ነው የሚልሽን አትመኚ። በፓራሲታሞል የማይለቅ ራስ ምታትም እንዲሁ ነው። ዓይንሽ ቢጋረድ ወይም ብልጭታ ብታዪ፣ ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ሽንትሽ ቢቀንስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ቢቀንስ፣ ደም ብታዪ፣ ሌሊትም ቢሆን ውጪ። እግር ማበጥ ብቻውን የብዙ ነፍሰ ጡሮች ነገር ነው። ጠዋት ስትነሺ ፊትሽ ካበጠ፣ ቀለበትሽ አልወጣ ካለ፣ በአንድ ሳምንት ብዙ ኪሎ ከጨመርሽ ግን ሌላ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱም ሳይሰማት ግፊቷ 165 የሚገባ ሴትም አለች። ስለዚህ የመለኪያውን ቁጥር ከስሜትሽ አስበልጪ።

ቤት ውስጥ ስትለኪ

ከቻልሽ የክንድ መለኪያ ግዢ፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ተዪው። ሽንትሽን ሽኚ። ጀርባሽን ወንበር ላይ አስደግፈሽ፣ እግርሽን ሳታነባብሪ መሬት ላይ አሳርፈሽ አምስት ደቂቃ ዝም በዪ። ክንድሽ ባዶ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብሽ ትክክል ይረፍ። ክንድሽ ወፈር ያለ ከሆነ ሰፊ ማሰሪያ ያስፈልግሻል፤ ጠባቡ የሌለሽን ግፊት ያሳይሻል።

ከቡና በኋላ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቆዪ። ጅማ ተቀምጬ ነፍሰ ጡርን ቡና ከልክዬ የት እደርሳለሁ! አቦሉን ጠጪ፤ ቶናውንና በረካውን ለአማትሽ ተዪላቸው። ጫት ግን ግፊቱንም ከፍ ያደርጋል፣ ልጁንም ያቀጭጫል። እዚያ ላይ ድርድር የለኝም።

140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደግመሽ ለኪው፤ አሁንም ያው ከሆነ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ታዪ። የላይኛው 160 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ 15 ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚው፤ ካልወረደ ምንም ባይሰማሽም ቀጥታ ሂጂ። አንቺ ከተማ ውስጥ ስለሆንሽ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር ወይም ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል መድረስ አያቅትሽም። ከከተማ ውጭ ላሉ ደግሞ በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን ማግኒዥየም ሰጥቶ ይላክ። «ለሪፈር ነው» ብሎ ባዶ እጅ መላክ መንገድ ላይ ማንቀጥቀጥን መጋበዝ ነው። ሌሊት ስልኩን የሚያነሳ የባጃጅ ሹፌር ቁጥር ከአሁኑ ያዢ።

ካንቀጠቀጠሽ ቤተሰብ ምን እንደሚያደርግ ይህንን ለባልሽም ለአማትሽም አንብቢላቸው። በግራ ጎን ያስተኙሽ። አፍሽ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም አይክተቱ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይሠራም፣ ጊዜ ብቻ ይበላል። ማንቀጥቀጡ ሲቆም «ነቃች፣ ይለፍ» ብለው እንዳይቀመጡ፤ ሁለተኛው ሊከተል ይችላል።

ከወለድሽ በኋላ

ግፊትሽ ጥሩ ከሆነና ፕሪኤክላምፕሲያ ካልተደረበ ብዙ ጊዜ 38 ወይም 39 ሳምንት አካባቢ እንድትወልጂ ይወሰናል። ከተደረበ 37 ላይ፤ ከከፋ ደግሞ ቀደም ብሎ።

እህትሽ በስምንተኛ ወሯ ነው ያንቀጠቀጣት። ከወለዱ በኋላ የሚያንቀጠቅጣቸውም አሉ። ግፊት ብዙ ጊዜ ጫፍ የሚደርሰው ከወለዱ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ይህ ደግሞ ልክ ቤት ገብተሽ፣ ገንፎው ተገንፍቶ፣ ጠያቂ የሚጎርፍበት ሰሞን ነው። ራስ ምታቱን «እንቅልፍ አጥታ ነው» ብለው ያልፉታል። በሦስት ቀን ውስጥ አንዴ፣ ከዚያ በሳምንትሽ አንዴ ተለኪ። መለኪያ ቤት ካለሽ በየቀኑ። ያልኩሽ ምልክቶች እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ይሠራሉ።

ያኔ አንድ የሚያስገርምሽ ነገር ይመጣል። ዛሬ የነጠቅኩሽን ኢናላፕሪል ሐኪምሽ መልሶ ይሰጥሽ ይሆናል። ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው እጅግ ትንሽ ስለሆነ በጊዜው ለተወለደ ልጅ ጡት እያጠቡ መውሰድ ይቻላል። ሜቲልዶፓን ግን ከወሊድ በኋላ ብንለውጠው እንመርጣለን፤ ስሜትን ሊያደበዝዝ ይችላል፣ አራስ ደግሞ ያለዚያም ሆድ የሚብሳት ናት። ኢናላፕሪሉን ስትጀምሪ የወሊድ መከላከያ አብረሽ ጀምሪ። ሌላ ልጅ ያማረሽ ቀን መጀመሪያ መድኃኒቱን መጥተሽ አስቀይሪ፣ ከዚያ መከላከያውን አቁሚ።